ልጆቹ ያላዩትን እየሳሉ ነው፦ የአንደኛ ክፍል የዘር መከታተያ ወረቀት

ቲቸር ቢ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። 62 ልጆች አሉኝ። አካባቢ ሳይንስ ላይ ስለ ዕፅዋት ስንደርስ ዘር አብቅለን በየቀኑ እየሳልን እንከታተል አልኩ። ወረቀቱን ከኢንተርኔት አወረድኩት። ሳጥን ሳጥን ነው፤ "ቀን 1፣ ቀን 2" እያለ ይሄዳል። ከላይ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ ናሙና ሥዕል አለው። በአማርኛ ጽፌበት ፎቶ ኮፒ አስነሳሁ።

ሀይላንድ ከወገቡ ቆርጬ ውስጡን በሶፍት ሸፈንኩ። ባቄላውን በሶፍቱና በፕላስቲኩ መሀል አስገባሁት፣ ከውጭ እንዲታይ። ለስምንት ቡድን ስምንት ጠርሙስ። አንዱ ቡድን ስንዴም ጨመረበት። ማክሰኞ ጀመርን፣ ዛሬ ሰባተኛ ቀናችን ነው።

ዛሬ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቤት ይዤ መጣሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ባቄላ ጥፍሬን የምታክል ነጭ ሥር ብቻ ነው ያወጣው። ከአርባ በላይ ልጆች ግን ምን ስለዋል? ግንድ፣ ከጫፉ ላይ እንደ ክንፍ የተከፈተ ባቄላ፣ ከመሀሉ ቅጠል። ሦስቱ አበባ ጨምረዋል። የአንዷ ፀሐይ ደግሞ ትስቃለች።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። ባቄላዬ ለምን ዘገየ? ልጆቹስ ለምን ያላዩትን ይስላሉ? አንዱ ልጅ ደግሞ ቀን 2 ላይ ባቄላውን ሞንጫጭሮ፣ መስመር በመስመር አድርጎ ስሎት "ንጹሕ አድርገህ ድገመው" ብዬው ነበር። እሱም እንዳልኩት ንጹሕ አድርጎ መልሶ አመጣልኝ።

ሳሚ ከጀሞ · ሰኞ ማታ

ፀሐይ ነው ቲቸር። ተክል ያለ ፀሐይ አይበቅልም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ደርድሪያቸው፣ በሁለት ቀን ቀጥ ይላሉ። ሥዕሉን ተይው፣ ልጆች ናቸው፣ አበባ ይወዳሉ።

የገበሬ ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ ባቄላ የሚዘራው ሰኔ ነው እኮ። ህዳር ላይ የሚታጨድበት ጊዜ ነው እንጂ የሚዘራበት አይደለም። ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ውሃው የሚንጠፈጠፍበት ቦይ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። መሬቱ ስንት ጥማድ ነው?

ሳሚ ከጀሞ · ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ መሬቱ ግማሽ ሀይላንድ ነው 😄

ጡረተኛው · ማክሰኞ ቀትር

ልጄ፣ ባቄላሽ አልዘገየም። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን ብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ይሄ ስሕተት አሥር ጊዜ ገጥሞኛል።

ናሙናው ላይ ያለው የባቄላ ሥዕል አይደለም። የቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ይወጣል። መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ቀና ሲል ክኮቹ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ ከመሀላቸው ቅጠል ብቅ ይላል። ልጆችሽ የሳሉት ክንፍ እሱ ነው። ባቄላ እንዲህ አያደርግም። ክኮቹን እዚያው በተቀመጠበት ይተዋቸውና ወደ ላይ የሚልከው ቡቃያውን ብቻ ነው። አተር፣ ሽምብራና ምስርም እንደዚያው ናቸው። ወር ብትጠብቂ ያ ክንፍ አይመጣም። ወረቀቱ ላይ የነበረውን የፈረንጅ ቃል "ባቄላ" ብለሽ ተረጎምሽው፣ ገበያ ሄደሽም የኛኑ ባቄላ ገዛሽ። ጨዋታው ያኔ ፈረሰ።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የህዳር ሌሊት ብርድ ነው። ሳትዘፈዝፊ ደረቁን ከከተትሽው ደግሞ በሰባተኛው ቀን ሥር ማየትሽ ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማታ ከክፍል ስትወጪ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት አውጪው። ሁለት ቀን ይቆጥብልሻል።

ያ "ድገመው" ያልሽው ልጅ ግን ከሁላችንም በላይ አይቷል። ባቄላ ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠጣው ቆዳው ነው። ቆዳው ይሰፋል፣ ውስጡ ገና ደረቅ ነው፣ ስለዚህ እንደ ሰፊ ቀሚስ ይሸበሸባል። በኋላ ውስጡ ሲያብጥ ሽብሽቡ ይጠፋል። መስመሮቹ እነሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሥዕል ከሰረዘው አዝናለሁ።

ሳሚ፣ ባቄላ ለመብቀል ፀሐይ አይፈልግም። አፈር ውስጥ ፀሐይ የለም። ስንቁ ክኩ ውስጥ ነው። ብርሃን የሚያስፈልገው ቡቃያው ብቅ ካለ በኋላ ነው። ደግሞ ሀይላንድ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ብታቆሚው ይግላል፣ ሶፍቱም ይደርቃል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ልጄም ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሠርታለች። እነሱ ሊማ የሚሉት ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ትልቅ ዘር አለ። እርጥብ ሶፍት ውስጥ አድርገው በዚፕ በሚዘጋ ከረጢት ከተው መስኮት ላይ በፕላስተር ይለጥፉታል። የሷ በትክክል እንደ ሥዕሉ ነው የወጣው፣ ሁለቱ ክክ ወደ ላይ። እኔ ደግሞ እማዬ ጋ ደውዬ "የባቄላ ሙከራ ሠራች" አልኳት። እማዬም "ጉንቁል ነው የሠራችው?" አለችኝ። ያው ሁለታችንም ስለተለያየ ነገር ስናወራ ነበር።

የሊያ አባት · ማክሰኞ ሌሊት

እኔ እዚህ የመጣሁት ለመናዘዝ ነው። የልጄ ቲቸር ዘሩን ወደ ቤት ላከችው፣ በየቀኑ እቤት ሳሉ ብላ። በአምስተኛው ቀን ሸተተ። ስነካው እንደ ገንፎ ላላ፣ ውሃውም ነጣ ብሏል። ልጅቷ ተኝታ ስለነበር ከጓዳ ሌላ ባቄላ አምጥቼ ቀየርኩት።

ጠዋት አንዴ አየችውና "አባዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ጥቁር ዓይኑ በዚህ በኩል ነበር" አለችኝ። በየቀኑ ስለምትስለው ታውቀዋለች። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ምን እንደምትጽፍ ጠየቀችኝ። "ሞተ" ብላ ጻፈች። ቲቸሯ ደግሞ በቀይ ጥያቄ ምልክት አደረገችበት። ለምን እንደበሰበሰ ግን እስካሁን አልገባኝም፣ ውሃ በየቀኑ እጨምርለት ነበር።

ጡረተኛው · ረቡዕ ጠዋት

የሊያ አባት፣ መልሱን ራስህ ተናግረኸዋል። በየቀኑ ውሃ ጨመርክለት። ዘር ሲበቅል ይተነፍሳል። ውሃ ውስጥ ከሰጠመ አየር ያጣል፣ ይላላል፣ ይሸታል። ከታች ሁለት ጣት ያህል ውሃ ይበቃል፤ ሶፍቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። ዘሩ ከውሃው በላይ ይቀመጥ። ሶፍቱን በጣትህ ንካው፤ እርጥብ ከሆነ አትጨምር። "ሞተ" የሚለው መዝገብ ደግሞ ትክክለኛ መዝገብ ነው።

ቲቸር ቢ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ አሳፈሩኝ እኮ። ልጁን ዛሬ ጠርቼ "መስመሮቹ የት አሉ?" አልኩት። "አንቺ አጥፋው አልሽኝ" አለኝ። ደግነቱ ላጲሱ በደንብ አላጠፋውም፣ ምልክቱ ይታያል። በላዩ ላይ መልሰን አደመቅነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ስንዴ የጨመረው ቡድን ሥሩ ላይ ፀጉር ስሏል። አየሁት፣ እውነትም ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ መስሎኝ ሥሩን በውሃ አጠብኩት። ፀጉሩ ጠፋ። ሻጋታ ነበር?

ጡረተኛው · ረቡዕ ማታ

ፀጉሩ የሥሩ ነው። ሥር ውሃ የሚጠጣበት ነው። የስንዴና የገብስ በእርጥብ ሶፍት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መለያው እንዲህ ነው። የሥር ፀጉር ሥሩ ላይ ብቻ ይበቅላል፣ ዙሪያውን እኩል ነው፣ የሥሩ ጫፍ ግን ራሰ በራ ነው። ውሃ ሲነካው ሥሩ ላይ ይለጠፍና የጠፋ ይመስላል። ሻጋታ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዘሩ ቆዳ ወይም ከተሰበረው ቦታ ነው፣ እዚህም እዚያም ይዘረጋል፣ ውሎ አድሮ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ጫፉ ራሰ በራ መሆኑን ልጆቹ ያስተውሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ አትንገሪያቸው።

ሳሚ ከጀሞ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ አልተረታሁም። እናቴ ሽንኩርት ቁም ሳጥን ውስጥ ረስታ በቀለ፣ ግን ቢጫ ሆኖ ልፍስፍስ ያለ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ያስፈልጋል።

ጡረተኛው · ረቡዕ ማታ

ሽንኩርቱ በቀለ ወይስ አልበቀለም?

ሳሚ ከጀሞ · ረቡዕ ማታ

እሺ በቃ።

የጣና ዳር መምህርት · ሐሙስ ቀትር

እኔ ከባሕር ዳር ነኝ፣ አንደኛ ክፍል 70 ልጆች ይዣለሁ። ዘሩ ላይ ብዙ ተባለ፣ እስቲ ስለ ወረቀቱ ላውራ።

ፎቶ ኮፒ አላስነሳም። አንድ ነጭ ወረቀት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፣ ሲፈታ ስምንት ሳጥን ነው። ሁለቱም ገጽ አሥራ ስድስት ይሆናል። መስመሩን ልጆቹ ራሳቸው ያሰምሩታል። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ዘሩን አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራሉ፣ አንዴ ደረቁን፣ አንዴ የተዘፈዘፈውን። ማበጡን ለማሳየት ሌላ ምንም አያስፈልግም፣ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ናቸው።

እያንዳንዱ ሳጥን ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ አለ። አንዱ "አዲስ ነገር አለ"፣ ሌላው "የለም"። የሚቀቡት አንዱን ነው። ይሄን ያመጣሁት ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት መዋሸት ስላበዙ ነው። ባዶ ሳጥን በየቀኑ "ሙላኝ" ይላቸዋል፣ እነሱም ይሞሉታል። "የለም" የሚል ቦታ ካገኙ አይጨነቁም።

ከዚህ ሌላ አንድ የተለየ ወረቀት አለ፣ "ይመስለኛል" የሚል። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያስቡትን እዚያ ላይ ይስላሉ። አበባም፣ ፀሐይም፣ ወፍም እዚያ ይፈቀዳል። የስምንት ሳጥኑ ወረቀት ስሙ "አየሁ" ነው። ናሙና ሥዕል የሚባል ነገር ግን አንዱም ላይ የለም። ቲቸር ቢ፣ ናሙናውን በመቀስ ቁረጪው። ናሙናውን ያየ ልጅ ጠርሙሱን አያይም።

ለቁመት ማስመሪያ አልሰጥም፤ ሴንቲሜትር ገና አይገባቸውም። ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ከቡቃያው ጎን አቁመው እኩል ይቆርጡና ደብተር ላይ ይለጥፉታል። በማግስቱ ሌላ፣ ከጎኑ። እንደ ደረጃ እየወጣ ይሄዳል።

ከቲቸር ቢ ጋር የማልስማማው አንድ ነገር አለ። ጠርሙስ ለቡድን አልሰጥም፣ ለየልጁ ነው። ቡድን ከሆነ አንዱ ጎበዝ ይስላል፣ አምስቱ ከሱ ይገለብጣሉ።

ጡረተኛው · ሐሙስ ማታ

70 ጠርሙስ የት ታስቀምጪዋለሽ? ግማሽ ሰዓት ጠርሙስ በማደል ሊያልቅ ነው። እኔ በቡድን ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ልጆቹ በተለያየ ጎን ይቀመጡና እያንዳንዱ ከተቀመጠበት የሚያየውን ይሳል። ያኔ ከጎረቤቱ ቢገለብጥ ያስታውቃል።

የጣና ዳር መምህርት · ሐሙስ ማታ

ጋሼ፣ የግድ ጠርሙስ ማለቴ አይደለም፤ ከውሃ ጠርሙስ ክዳን እስከ ሻይ ብርጭቆ ሁሉን እጠቀማለሁ። አሁንም በየልጁ ነው የምለው።

እማሆይ ጓዳ · አርብ ጠዋት

ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ለጉንቁል ነው? ባቄላውን ለቀም አድርጋችሁ ዘፍዝፉ፣ አንጠፍጥፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ብቅል ስናበቅልም እንዲሁ ነው። የነቀዘውን አትዘፍዝፉ፣ ቀዳዳ ያለበት ውስጡ ባዶ ነው። የተቆላና የተከካማ እንዴት ይበቅላል። ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ የዘር እህል ለልጅ አትስጡ፣ መድኃኒት አለበት። ቦሎቄ ጥሬውን እንዳይቀምሱም ጠብቁ፣ ሆድ ይበጠብጣል።

ቲቸር ቢ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ማታ

ተመለስኩ። እንደ አዲስ ጀምረን ጨረስነው። በየጠርሙሱ ሁለት ባቄላና ሁለት ቦሎቄ ከተትን። ወረቀቱን አጣጠፍን፤ ናሙናውን ቀደድኩት።

ሰኞ ከክፍል ስንወጣ ዘፈዘፍን። ማክሰኞ ዙሪያውን አሰመሩ። ረቡዕ ምንም የለም። አንዷ "ቲቸር፣ ምንም የለም ብዬ ነው የምቀባው?" ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። አዎ አልኳት። ሳትወድ ቀባች። ሐሙስ የባቄላው ጥቁር ዓይን አጠገብ ቆዳው ጎበጥ አለ። ይሄን እኔ አላየሁትም ነበር፤ አራት ልጆች ናቸው ያሳዩኝ። አርብ ነጭ ጫፍ ወጣ። ቡድን ሦስት ያንን ዕለት አንድ ቦሎቄ ሞተበት፣ ውሃው ዘሩ ድረስ ደርሶ ነበር። "ሞተ" ብለው ጻፉ፤ ቀይ አላደረግኩበትም።

ሌሊቱ ስለሚበርድ ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ እያስገባሁ በጋዜጣ እሸፍናቸው ነበር። ከቅዳሜና እሁድ በኋላ ሰኞ ስንከፍተው ሥሩ ጣት ሆኗል። ክፍሉ ጮኸ። አንዱ ዘር ተገልብጦ ገብቶ ኖሮ ሥሩ ወደ ላይ ጀምሮ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ወደ ታች ዞሯል። እሱን ለመሳል ተሰለፉ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቦሎቄው አንገት ደፋ ብሎ ወጣ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ክኮቹን አንስቶ ቀና አለ። ባቄላው ቅጠል ብቻ አወጣ። አንዱ ልጅ የቦሎቄውን ክክ "ኮፍያ" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ባቄላው ኮፍያውን ረስቶታል" አለ። ሁለቱ ተከራከሩ፣ እረስቷል አልረሳም። እኔ ዝም አልኩ።

የወረቀት ቁራጮቹ ላይ ግን ችግር ገጠመኝ። ከአርብ ወደ ሰኞ ትልቅ ዝላይ ሆነ። ልጆቹ "በአንድ ቀን እንዲህ አደገ" አሉ። የሁለቱን ቀን ቦታ ባዶ መተው እንደነበረብኝ የገባኝ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ ቅዳሜና እሁድን በመስመር ሰርዘን ነበር፣ ቁራጮቹ ላይ ረሳሁት።

ከ62ቱ ዘጠኙ አሁንም "አየሁ" ላይ አበባ ስለዋል። ከዘጠኙ ሁለቱ ደግሞ ሲጠየቁ "አዎ አይቻለሁ" ብለው ድርቅ አሉ።

የሊያ አባት · ሰኞ ማታ

ሊያ ደግሞ "ሞተ" ካለችው ሳጥን ቀጥላ የኔን ባቄላ መሳል ጀምራለች። ርዕሱ "የአባዬ ባቄላ" ነው። የሷን የቀን ቁጥር ግን አልሰጠችውም።

የጣና ዳር መምህርት · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ቦሎቄ ስላጣሁ አደንጓሬ ገዝቼ ከተትኩ፣ ያው አንድ ነው ብዬ። ክኩን አላነሳም። እንደ ባቄላው ታች ቀረ። ልጆቹ "ኮፍያው የታለ?" እያሉኝ ነው።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ቀትር

አደንጓሬ ሲባል እንደየአገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ቦሎቄን ራሱን አደንጓሬ ይለዋል። ትልልቁና አጥር ላይ የሚወጣው፣ ቀይ አበባ የሚያወጣው ዓይነት ግን ዘመዱ ይሁን እንጂ ክኩን ታች ያስቀራል። ያንቺ ፍሬው ምን ያህላል?

የጣና ዳር መምህርት · ማክሰኞ ማታ

መካከለኛ ነው፣ ዝንጉርጉር። ከሁለት ሻጭ ነው የገዛሁት፣ አንድ ላይ ደባልቄዋለሁ። ከስድስቱ አምስቱ ታች ቀርተዋል፣ አንዱ ዛሬ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ብቅ ብሏል፣ ኮፍያ ያለው ይመስላል። ነገ ቀና ሲል እነግራችኋለሁ።